ከቴሌግራም ወደ አካል፦ የመጀመሪያውን ቀጠሮ መቼ ልጠይቃት?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ጀሞ ነው። አያት አካባቢ ከምትኖር ልጅ ጋር በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተዋውቀን አምስት ሳምንት ሙሉ በየማታው እንጻጻፋለን። ሁለት ጊዜ ‹አንድ ቀን እንገናኝ› ብያት ‹እሺ፣ እናያለን› ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት ሥዕል ማየት እንደምትወድ፣ ግን አብሯት የሚሄድ ሰው እንደሌለ ስትነግረኝ ‹ደስ ይላል› ብዬ አለፍኩት። ጓደኞቼ ‹ራሷ ምልክት እስክትሰጥህ ጠብቅ› ይሉኛል። ብቸኩል ደግሞ ሌላ ነገር የምፈልግ እንዳይመስላት እፈራለሁ። ሳይከብዳት የሚጠየቅበት ትክክለኛው ሰዓት መቼ ነው?»

ምላሽ፦ ጓደኞችህ ጠብቅ የሚሉህ ምልክት ባለፈው ሳምንት ተሰጥቶህ ነበር። አንዲት ሴት ሥዕል እወዳለሁ ብላ፣ ወዲያው ደግሞ አብሮኝ የሚሄድ የለም ስትልህ፣ ከዚህ በላይ ቀርባ የምትነግርህ ነገር ብዙም የለም። እዚህ አገር ያደገች ሴት በአብዛኛው «መቼ ነው የምንገናኘው?» ብላ ቀድማ አትጠይቅም። ብትፈልግ እንኳ ምን ይለኛል የሚለው ይይዛታል። የምታደርገው ወሬውን ወደምትፈልገው አቅጣጫ ማስጠጋት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንደሌላት ታነሳለች፣ መሥሪያ ቤትህ የት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ስለምትወደው ቡና ቤት ታወራለች። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሰው ዝም ብሎም ያወራል። አንድ ነገር መፈለጓንና ጓደኛ ማጣቷን በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ግን የቀረው ያንተ መልስ ብቻ ነበር። «ደስ ይላል» የሚለው መልስህ ጨዋነት አልጎደለውም፤ በሩን ግን ዘግቶታል።

ስለዚህ ትክክለኛው ሰዓት ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ወሬ መሀል የሚገኝ ነው፤ ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው፣ የምታወሩት ነገር ከስልክ ውጭ ሊደረግ የሚችል ሲሆን ነው፦ የሚታይ፣ የሚቀመስ ወይም የሚኬድበት ነገር። ሁለተኛው፣ ወሬው በሁለቱም በኩል ሲሞቅ ነው። ይህን ለመለየት ቻቱን ወደ ላይ ስበህ አንብበው። መልሷ ከአንድ ቃል የረዘመ ከሆነ፣ አንተ ሳትጠይቅ እሷ ከጠየቀችህ፣ የድምፅ መልእክት ከላከችልህ ሞቋል። አንተ አራት መስመር ጽፈህ እሷ «ሃሃ» ካለችህ አልሞቀም፤ ያኔ ግብዣ አትጨምርበት። ሦስተኛው ሰዎች የሚረሱት ነው፦ የምትጠይቅበት ሰዓት እሷ አስባ መወሰን የምትችልበት መሆን አለበት።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ነውና። እንደምትነግረኝ የምትጻጻፉት ማታ ማታ ነው። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ሰው ይለሰልሳል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ የማይናገረውን ይናገራል፣ የማይገባውን ቃልም ይገባል። ያኔ የተሰጠ «እሺ» ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲታሰብ ያስፈራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰበብ ነው። «ደህና እደሪ» ልትሉ ስትሉ የሚመጣ ግብዣም እንዲሁ ነው፤ ስንብት ላይ ስለተባለ ጨዋነቱ እንጂ ቁም ነገሩ አይሰማም። ካንተ ሁለት «አንድ ቀን እንገናኝ» ቢያንስ አንዱ በዚህ ሰዓት እንደተባለ እገምታለሁ። የምሳ ዕረፍት ላይ ወይም አመሻሽ 1 ሰዓት ገደማ ጠይቅ። ከቀናት ደግሞ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሻላል፤ ለቅዳሜ የሚሆን ግብዣ ዓርብ ማታ ሲመጣ ሌላ ሰው ቀርቶብህ የጠራሃት ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲመጣ ደግሞ ይረሳል።

የማይጠየቅባቸው ጊዜያትም አሉ። ለቅሶ ላይ ስትሆን፣ ፈተና ሲደርስባት ወይም ከቤት ሰው ጋር ተጣልታ ስትነግርህ አዳምጣት፤ ያንን ቀን ለራስህ ጉዳይ አትጠቀምበት። ፎቶዋን በላከችልህ ቅጽበትም አትጠይቅ፤ የጠራሃት ለመልኳ ብቻ ይመስላል።

አሁን ወደ አነጋገርህ ልምጣ። «አንድ ቀን እንገናኝ» ብለህ «እሺ፣ እናያለን» መባልህን እንደ እምቢታ ቆጥረኸዋል፤ ስህተት ነው። ቀን፣ ቦታና ሰዓት የሌለው ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም። «እሺ» ብትል ምን ላይ እሺ እንዳለች አይታወቅም፤ «አይ» እንዳትል የምትከለክለው ነገር አልቀረበላትም። አንተ ያላዘጋጀኸውን እሷ ልታዘጋጀው አትችልም፤ ብትሞክር ደግሞ የቸኮለችው እሷ ልትመስል ነው። እነዚያን ሁለቱን እኔ ጠየቅሃት ብዬ አልቆጥራቸውም። ይህ ለአንተ መልካም ዜና ነው፤ እስካሁን አልተከለከልክም ማለት ነው።

ስለ መቸኮል ያለህ ስጋት ግማሹ ልክ ነው። ሴቶች በቻት ከሚያገኙት ሰው ላይ ይህን ጥርጣሬ የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርጣሬውን የሚያመጣው ግን የሳምንቱ ቁጥር ማነስ አይደለም፤ የግብዣው ዓይነት ነው። በሁለት ወርም ቢሆን ማታ 2 ሰዓት ላይ «ቤት ነኝ፣ ነይ» የሚል ሰው ያስፈራል። በሁለተኛው ሳምንት በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ማለቂያው የታወቀ ቀጠሮ የሚያቀርብ ሰው አያስፈራም።

ብዙ መቆየት ራሱ ጉዳት አለው። ጆሴፍ ዋልተር የተባለው የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚገናኙ ሰዎች አንዳንዴ በአካል ከሚተዋወቁት በላይ ይቀራረባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምንጽፈውን መርጠን፣ አርመን እንልካለን፤ አንባቢው ደግሞ የጎደለውን በራሱ ምኞት ይሞላዋል። ድምፅህን በምናቧ ሠርታለች፣ አንተም ሳቋን ሠርተሃል። ይህ ምስል በሰነበተ ቁጥር ከእውነተኛው ሰው እየራቀ ይሄዳል። አርቴሚዮ ራሚሬዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በኢንተርኔት ተዋውቀው በአካል በተገናኙ ሰዎች ላይ ተመልክቶታል፤ ቶሎ የተገናኙት ተጠቅመዋል፣ በጽሑፍ ብዙ የቆዩት ግን ሲተያዩ የጠበቁትን አጥተዋል። በምክር ክፍሌ የምሰጠው ግምት ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠይቅ የሚል ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከመጣ የሚታወቅ ነገር ያንሳል። አንተ አምስተኛው ላይ ነህ፤ አልረፈደም፣ ሌላ ወር የምትጨምርበት ምክንያት ግን የለም።

ያለፈውን የሥዕል ወሬ መልሰህ ማንሳት ትችላለህ፤ ሳምንት ስላለፈው አልሞተም። ነገር ግን ከየት መጣ ሳይባል በቀጥታ ግብዣ ይዘህ አትግባ፤ መጀመሪያ ወሬውን አሙቀው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት እንዲህ ብትጽፍላት፦

«ባለፈው ስለ ሥዕል ያወራሽኝ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እንዴት ነው የጀመረሽ? ትስያለሽ ወይስ ማየት ብቻ?»

እዚህ ላይ ቁም፤ መልሷን ጠብቅ። ልጅ ሳለች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን መላእክት ፈዝዛ ስትመለከት እናቷ እጇን ይዘው ይጎትቷት እንደነበር ብትነግርህ፣ እሱን ጠይቃት። ወዲያው ወደ ቀጠሮ መዝለል ጥያቄህ ማጥመጃ እንደነበር ይናገራል። አራት አምስት መልእክት ከተመላለሳችሁና አሁንም በሙሉ ልብ ከመለሰችልህ፣ ያኔ እንዲህ በል፦

«ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ሙዚየም ሥዕሎቹን ለማየት አስቤያለሁ። አብረን ብናያቸውና በአካል ባገኝሽ ደስ ይለኛል። 8 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ተገናኝተን፣ ከዚያ አራት ኪሎ ቡና ጠጥተን፣ 11 ሰዓት ላይ ወደየቤታችን። ካልተመቸሽ ምንም አይደለም፣ ንገሪኝ ብቻ።»

ይህን ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ፤ ቦታው ሲቀየር አንተው ራስህ እንድታዘጋጀው። ሙዚየሙን የመረጥኩት የራሷ ፍላጎት ስለሆነ ነው፤ ሰምቶኛል ትላለች። ድንቅነሽን ሁላችንም ዩኒፎርም ለብሰን በትምህርት ቤት ጉብኝት አይተናታል፤ ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሥዕሎች ቆም ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። እዚያ ጎን ለጎን ትሄዳላችሁ እንጂ ፊት ለፊት ተፋጣችሁ አትቀመጡም። ወሬ ቢጠፋ ሥዕሉ አለ፤ ለአምስት ሳምንት በጣታቸው ብቻ ላወሩ ሁለት ዓይን አፋሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካፌ ውስጥ ያለች አንዲት ደቂቃ ዝምታ ሙዚየም ውስጥ ማንም አያስተውላትም። (የሙዚየሙን የቅዳሜ የሥራ ሰዓት ግን ቀድመህ አረጋግጥ፤ የተዘጋ በር ላይ የተጀመረ ቀጠሮ አያምርም።)

አቀማመጡንም አስብበት። አያትና ጀሞ የከተማዋ ሁለት ጫፎች ናቸው። «አንቺ ጋ ልምጣ ወይስ እኔ ጋ ትመጫለሽ» ከተባለ አንዳችሁ ሙሉ ከተማ ልታቋርጡ ነው። አራት ኪሎ ለእሷ በመገናኛ፣ ላንተ በሜክሲኮ በኩል ነው፤ ድካሙ ይካፈላል። ሰፈሯ ድረስ ሄጄ ላቃልላት ብለህ እንዳታስብ። አያት ላይ የአጎቷ ልጅ፣ የንስሐ አባቷ ወይም የጎረቤቷ እናት ሊያያት ይችላል፤ ገና ስምህን ለማያውቅ ቤተሰብ ማስረዳት ይጠበቅባታል። ካለችበት ራቅ ያለ፣ ግን ለመመለስ የማይቸግር ቦታ ነው የሚፈለገው።

11 ሰዓት የሚለውን ብዙ ወንዶች ሊያወጡት ይፈልጋሉ፤ ቀጠሮውን ያሳነሱ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በመልእክቱ ውስጥ ካለው ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህንን ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ታክሲ ትይዛለች፣ ቤት ምን እንደምትል ታውቃለች፣ እናንተ ካልተጣጣማችሁም ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የምትታገሠው። ከተጣጣማችሁ ደግሞ ማለቁ ሁለተኛውን ቀጠሮ ይወልዳል። «ቡና» ያልኩትም በምክንያት ነው፤ ቅዳሜ በአዘቦቱ ጾም ባይሆንም ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ላይ ከወደቀ ኬክና ማኪያቶ ያስቸግራታል፣ ቡናና ሻይ ግን ሁልጊዜ ይሆናል። ሙስሊም ከሆነችና ረመዳን ከገባ የቡናው ነገር ጭራሽ ይቀራል፤ ሙዚየሙ ብቻ ይበቃል።

«በአካል ባገኝሽ ደስ ይለኛል» የሚለውን ሐረግ አታውጣው። አንዳንዱ አማካሪ ግብዣውን እንደ አጋጣሚ አስመስለህ አቅርበው ይላል፦ «በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝና...»። አልስማማም። ሰበብ ይዘህ ከሄድክ እሷም የመጣችው ለሰበቡ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛ ነን ወይስ ሌላ የሚለውን ሁለታችሁም አታውቁትም። ፍቅር አታውጅ፤ ልታገኛት እንደምትፈልግ ግን ተናገር።

ከዚያ የሚመጣው መልስ ነው። «የት በኩል ነው የምገባው?» ወይም «9 ሰዓት ይሁን» ካለች ተስማምታለች። «ቅዳሜ አልችልም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆንስ?» ካለችም ተስማምታለች፤ የራሷን ቀን ያቀረበች ሰው መምጣት ትፈልጋለች። «ቅዳሜ አልችልም» ብላ ካቆመች ግን አታባብላት። ለምን፣ ምን ሥራ አለሽ፣ ከማን ጋር ነሽ አትበል። «እሺ፣ ችግር የለም» ብለህ ወደ ወሬያችሁ ተመለስ፤ ወሬውም አይቀዝቅዝ። ሰው ማንነቱ የሚታየው እምቢ በተባለበት ሰዓት ነው፣ እሷም በልቧ የምትመለከተው ይህንን ነው። ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ነገር፣ ሌላ ቦታ ይዘህ አንድ ጊዜ ብቻ ድገም። ለምሳሌ ሙዚየሙ የከበዳት ከሆነ ከሥራ በኋላ መገናኛ አካባቢ የአንድ ሰዓት ሻይ ይቀላል። ለሁለተኛውም የራሷን ቀን ካላቀረበች አቁም። ሦስተኛ መጠየቅ ግፊት ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። አንዳንዷ መገናኘቱን ትፈልጋለች፣ ስልክ ላይ ያለው ሰው እውነተኛ መሆኑን ግን አታውቅም። ይህን ፍርሃት የሚያቀለው ማሳመን አይደለም። ከግብዣው ቀደም ብሎ የድምፅ መልእክት መላላክ፣ ከዚያም የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ጥሪ ነው። እስካሁን በጽሑፍ ብቻ ከሆናችሁ ይህን ዛሬ ማታ ጀምር፤ አንተም ማን እንደሆነች ታያለህ። በወር ውስጥ ድምፅም ፊትም የማታሳይ፣ ጥሪ ስትደውል ሁልጊዜ ኔትወርክ የሚቋረጥባት፣ ወይም ለመምጫ ታክሲ በቴሌብር ላክልኝ፣ ካርድ ሙላልኝ የምትል ከሆነች ቀጠሮው ይቅር። ይህን ስልህ እሷን እየጠረጠርኩ አይደለም። ገንዘብ ከመገናኘት ቀድሞ ሲመጣ ግን በአብዛኛው መገናኘት የሚባል ነገር አይኖርም።

እሺ ካለች በኋላ ደግሞ የሚበላሽበት መንገድ አለ። ብዙ ወንዶች ደስ ብሏቸው ሦስቱን ቀናት ስለ ቀጠሮው ብቻ ያወራሉ፤ ምን እንደምትለብስ፣ ምን እንደሚያዝዙ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ነገሩ ይከብዳል። ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፤ ቴሌግራም ዳታ ይፈልጋል፣ ዳታ ደግሞ በፈለጉት ቀን አይገኝም፣ አንዷ በር ላይ ሆና አንዱ አጥር ዞሮ የሚፈልግበት ቀጠሮ አይቻለሁ። ዓርብ ማታ አንድ መስመር ጻፍ፦ «ነገ 8 ተኩል፣ በሩ ጋ።» ቤትሽ ድረስ መኪና ልላክልሽ አትበል። አሳቢነት ቢመስልም አድራሻዋን መጠየቅ ነው፤ በራሷ መንገድ መጥታ በራሷ መንገድ ትመለስ። የት እንደምትሄድ ለጓደኛዋ መናገሯ እንዳይከፋህ፤ አንተም ለአንድ ሰው ንገር። ከጀሞ ስትነሳ መንገዱ የሚዘጋ ከሆነ ሳይረፍድ ደውል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት በር ላይ መቆም ለሴት ልጅ ቀላል አይደለም።

የዚህ ሁሉ ገደቡን ልንገርህ። ቃላት የሚያቀሉት መምጣት የምትፈልግን ሰው ነው። ሌላ ሰው ካላት፣ ቤተሰቧ አጥብቆ ከያዛት፣ ወይም ከቻቱ በላይ ምንም ካልፈለገች የትኛውም ሰዓት፣ የትኛውም ሙዚየም አያመጣትም። የማታ ወሬ ብቻ የሚበቃት ሰው አለች፤ ክፋት የለበትም፣ አንተ የምትፈልገው ግን ያ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የድምፅ መልእክቱን ዛሬ ማታ ላክ፤ ረቡዕ በምሳ ሰዓት የሥዕሉን ወሬ አንሳ፤ ከሞቀ እዚያው ለቅዳሜ ጠይቃት፤ ካልሞቀ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ተወው። በሁለተኛውም ግብዣ ቀን ካላገኘህ በየማታው መጻፍህን አቁም። ሰላምታህን ጠብቅ፣ ስትጽፍልህ መልስ፤ ማታህን ግን ለሌላ ሰው ክፍት አድርገው።